አንድ ኪውአር ኮድ የሁሉንም ባንክና ዋሌት ክፍያ እንዴት ይቀበላል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሚኒ ማርኬት አለኝ። የቴሌብር፣ የንግድ ባንክ፣ የአዋሽ፣ የሌላም የሌላም ወረቀት ለጥፌ ለጥፌ ግድግዳ አልቀረኝም። በቀደም የባንክ ሠራተኛ መጥቶ "አንድ ኪውአር ብቻ ይበቃሃል፣ ከሁሉም ይገባልሃል" አለኝ። ሒሳቤ ግን ያለው አንድ ባንክ ውስጥ ነው። የሌላ ባንክ ደንበኛ ያንን ወረቀት ስካን ሲያደርግ ብሩ እንዴት ብሎ ወደ እኔ ይመጣል? መሃል ላይ ቢቀርስ ማንን ልያዝ?»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። የባንኩ ሠራተኛ የነገሩዎት ነገር እውነት ነው፤ ግን «ከሁሉም ይገባል» የሚለው አባባል ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ይሠራል። አንደኛው የደንበኛው አፕ የእርስዎን ኮድ ማንበብ መቻሉ ነው። ሁለተኛው የደንበኛው ባንክና የእርስዎ ባንክ ብሩን የሚቀባበሉበት የጋራ መስመር መኖሩ ነው። በሥራ ላይ ሳየው የብዙ ሰው ግራ መጋባት የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማሰብ ነው። ስለዚህ በየተራ ልሂድባቸው።

ከወረቀቱ እንጀምር። ያ ጥቁርና ነጭ ካሬ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለሚከፍለው ሰው አንድም ነገር አልተጻፈበትም፤ የተጻፈው ስለ እርስዎ ነው። ደንበኛው ከየትኛው ባንክ እንደሚከፍል ኮዱ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም፤ ያንን የሚያውቀው ደንበኛው ራሱ የከፈተው አፕ ነው። ስልክዎ ላይ ተራ የኪውአር ማንበቢያ ካለዎት የትኛውንም የክፍያ ኮድ ቢያነቡበት ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ያሳይዎታል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሠርቼ ላሳይ። የሱቁ ስምም ቁጥሮቹም የእኔ ፈጠራ ናቸው፣ አሠራሩ ግን እውነተኛው ነው። በኮዱ ውስጥ ሁሉም ተያይዞ ነው የሚጻፈው፤ እዚህ ለማየት እንዲመች በመስመር ከፋፍዬዋለሁ።

```
000201
010211
28350009et.misale0104000702101000045218
52045411
5303230
5802ET
5917SELAM MINI MARKET
6011ADDIS ABABA
62090705KASA1
6304
```

የአነባበቡ ደንብ አንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች «ይህ ምንድን ነው» የሚለውን ይናገራሉ፤ ቀጣዮቹ ሁለቱ «ስንት ፊደል ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ይዘቱ ይመጣል። 59 ማለት የነጋዴው ስም ነው፣ 17 ማለት ስሙ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 17 ፊደል ነው፣ ከዚያ ስሙ ይከተላል። 58 አገር ነው፣ 60 ከተማ ነው። 53 የገንዘብ ዓይነት ሲሆን 230 በዓለም አቀፍ መለያ የኢትዮጵያ ብር ማለት ነው። 52 የንግዱ ዘርፍ ነው፤ 5411 የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅን ያመለክታል። 01 ላይ 11 ከተጻፈ ኮዱ ቋሚ ነው፣ ማለትም ታትሞ የሚለጠፍና ለሁሉም ደንበኛ የሚያገለግል፤ 12 ከሆነ ለአንድ ሽያጭ ብቻ የወጣ ነው። የብሩ መጠን የሚጻፈው በ54 ነው። ከላይ 54 የሚባል መስመር የለም፤ ስለዚህ ደንበኛው የሚከፍለውን ራሱ መጻፍ አለበት። መጨረሻ ላይ ከ6304 በኋላ አራት ምልክቶች ይመጣሉ፤ ከፊታቸው ካለው ጽሑፍ ሁሉ በስሌት የሚወጡ የማረጋገጫ ምልክቶች ናቸው። አንዲት ፊደል ተበላሽታ ከተነበበች ስሌቱ አይገጥምም፣ አፑም ኮዱን አይቀበልም።

የጉዳዩ ልብ ያለው በ28 በሚጀምረው መስመር ነው። በውስጡ እንደገና ሦስት ትንንሽ ክፍሎች አሉ። መጀመሪያ ኮዱ የየትኛው የክፍያ ሥርዓት እንደሆነ የሚናገር መለያ አለ (በምሳሌዬ et.misale ያልኩት)፤ ቀጥሎ የእርስዎ ባንክ መለያ ቁጥር አለ፤ በመጨረሻም ባንኩ ለእርስዎ የሰጠው የነጋዴ ቁጥር አለ። በሌላ አነጋገር ኮዱ «ይህ የጋራው ሥርዓት ነው፣ ተቀባዩ ባንክ 0007 ነው፣ ነጋዴው እዚያ ባንክ ውስጥ 1000045218 ነው» እያለ ነው። ከሌላ ባንክ ለመጣ ደንበኛ አፕ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልገውም።

ይህን አጻጻፍ ያወጣው የካርድ ኩባንያዎች በጋራ የያዙት ኢኤምቪኮ የሚባል ድርጅት ነው፤ ብሔራዊ ባንካችን ያወጣው የጋራ ኪውአር መስፈርትም የቆመው በእሱ ላይ ነው። ድሮ የለጠፏቸው ወረቀቶች እርስ በርስ የማይግባቡት ለዚህ ነው፦ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን አጻጻፍ ይጠቀም ስለነበር የአንዱን ኮድ የሌላው አፕ ሲያነበው ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ይሆንበታል። ካሬው አንድ ዓይነት መስሎ መታየቱ ነው ሰውን የሚያሳስተው። አሁንም ቢሆን የጋራውን መስፈርት የተከተለና ያልተከተለ ኮድ በዓይን አይለይም። ለመለየት በተራ ማንበቢያ ይክፈቱት፤ በ000201 ከጀመረ የኢኤምቪኮን አጻጻፍ የተከተለ ነው፣ የድረ ገጽ አድራሻ ወይም ደረቅ የሒሳብ ቁጥር ብቻ ከወጣ አይደለም።

እዚህ ላይ «አንድ ኮድ» በሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሚሸጡ ልንገርዎ፤ ለእርስዎ ትልቅ ልዩነት አለው። በመጀመሪያው ዓይነት በአንድ ኮድ ውስጥ የብዙ ዋሌቶች አድራሻ ጎን ለጎን ይጻፋል። ከ26 እስከ 51 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ለዚህ የተተዉ ቦታዎች ናቸው። የእያንዳንዱ ዋሌት አፕ ሰንሰለቱን ያነብና የራሱን መለያ ፈልጎ ሌላውን ይዘለዋል። ሲንጋፖር በ2018 ያወጣችው የጋራ ኮድ እንዲህ ያለ ነው። የዚህ ጣጣው ነጋዴው ከእያንዳንዱ ዋሌት ጋር ውል መግባቱና ገንዘቡ በየሒሳቡ ተበታትኖ መግባቱ ነው። ወረቀቱ አንድ ሆነ እንጂ ማታ የሚቆጥሩት ሒሳብ አሁንም አምስት ነው። አድራሻ በተጨመረ ቁጥር ጽሑፉ ስለሚረዝምም የካሬው ነጠብጣቦች እየደቀቁ ይሄዳሉ፣ ካሜራው ደካማ የሆነ ስልክም ማንበብ ይቸግረዋል።

በሁለተኛው ዓይነት ኮዱ ውስጥ ያለው አድራሻ አንድ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ባንክ። ከየትም የመጣ ክፍያ ወደዚያው አንድ ሒሳብ ይገባል፤ የማዳረሱን ሥራ የሚሠራው ከበስተጀርባ ያለ ስዊች ነው። ኢንዶኔዥያ በ2019 የጀመረችው የዚህ ዓይነት ነው፣ የእኛም አገር አካሄድ ይኸው ነው። የባንኩ ሠራተኛ ያሉት ይህን ከሆነ ሌላ ሒሳብ መክፈት አይጠበቅብዎትም። ግን አፋቸውን አይመኑ፤ «ከሌላ ዋሌት የተከፈለኝ ብር በየትኛው ሒሳቤ ይገባል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «እኛ ጋ ባለው» ከሆነ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ስዊች የሚባለው መናኸሪያ ማለት ነው። አገራችን ውስጥ ከ30 በላይ ባንኮች አሉ። 30ዎቹ እንኳ እያንዳንዳቸው ከሌላው ጋር በቀጥታ ይገናኙ ቢባል 435 የተለያዩ መስመሮች መዘርጋትና ሁሉንም መጠበቅ ይጠይቃል። ሁሉም ወደ አንድ ማዕከል ከገቡ ግን 30 መስመር ይበቃል። በእኛ አገር ይህን ማዕከል የያዘው ኢትስዊች ነው፤ ባንኮቹና ብሔራዊ ባንክ በባለድርሻነት ያቋቋሙት አክሲዮን ማኅበር ነው። ቀደም ሲል የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም መጠቀም ያስቻለንም እሱ ነው።

እንግዲህ አንድ ክፍያ ከነመንገዱ እንከተል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ደንበኛ ዘይት፣ ፓስታና ሳሙና ይዛ መጣች እንበል፤ ሒሳቧ 840 ብር ነው። እርስዎ ያሉት «ሀ» ባንክ ነው፣ እሷ ያለችው «ለ» ባንክ።

የ«ለ» ባንክን አፕ ከፍታ ኮዱን ስካን ታደርጋለች። አፑ ሰንሰለቱን ይከፋፍልና መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን አራት የማረጋገጫ ምልክቶች ይመረምራል። ቀጥሎ በ28 በሚጀምረው መስመር ያለውን መለያ አይቶ «የጋራው ሥርዓት ነው፣ አውቀዋለሁ» ይላል፤ የተቀባዩን ባንክና የእርስዎን ቁጥር ያወጣል። በደንብ የተሠራ አፕ ከሆነ በዚህ ጊዜ ገና ብር ሳይነካ በስዊቹ በኩል ወደ ባንክዎ አጭር ጥያቄ ይልካል፦ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበው ማን ነው?» ባንክዎ የመዘገቡበትን ስም ይመልሳል፣ እሷም ስክሪኗ ላይ ታየዋለች። 840 ትጽፋለች፣ ፒኗን ታስገባለች።

ፒኑ ከራሷ ባንክ አይወጣም። እርስዎም፣ ባንክዎም፣ ስዊቹም አያዩትም። ፒኑን አረጋግጦ፣ ቀሪ ሒሳቧን አይቶ 840 ብር የሚቀንሰው «ለ» ባንክ ነው። ከቀነሰ በኋላ ለስዊቹ መልዕክት ይልካል፤ በመልዕክቱ ውስጥ መጠኑ፣ የተቀባዩ ባንክ መለያ፣ የእርስዎ የነጋዴ ቁጥርና አንድ የዝውውር መለያ ቁጥር አለ። ስዊቹ 0007 የሚለውን አይቶ መልዕክቱን ለ«ሀ» ባንክ ያሳልፋል። «ሀ» ባንክ የነጋዴ ቁጥርዎን ከሒሳብዎ ጋር አገናኝቶ 840 ብር ያስገባልዎታል፣ «ተቀብያለሁ» የሚል ምላሽ በመጣበት መንገድ ይመልሳል፣ ለእርስዎም ኤስኤምኤስ ይልካል። ምላሹ በስዊቹ በኩል ወደ «ለ» ሲደርስ የእሷ ስልክ «ተከፍሏል» ይላል። መስመሩ ጤናማ ከሆነ ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው።

ልብ ካሉ እስካሁን በሁለቱ ባንኮች መካከል አንድም ሳንቲም አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀሰው መልዕክት ነው። «ሀ» ባንክ ለእርስዎ ያስገባው «ለ» ባንክ እንደሚከፍለው በሕጉ ስለታሰረ ነው። ስዊቹ ቀኑን ሙሉ ማን ለማን ስንት እንዳለበት ይመዘግባል። የ«ለ» ደንበኞች ለ«ሀ» ነጋዴዎች በጠቅላላ 300,000 ብር ከከፈሉና የ«ሀ» ደንበኞች ለ«ለ» ነጋዴዎች 260,000 ከከፈሉ፣ የሚወራረደው ልዩነቱ 40,000 ብር ብቻ ነው። እሱም ሁለቱ ባንኮች ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ካላቸው ሒሳብ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ይገባል። ይህ ማወራረድ ቢዘገይ እርስዎን አይመለከትም፤ ሒሳብዎ ውስጥ የገባው 840 ብር የእርስዎ ነው።

አሁን «መሃል ላይ ቢቀርስ» ወዳሉት ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ክብደት ያለው እሱ ነው። ደንበኛዋ ሒሳብ ውስጥ ብር ከሌለ ወይም ፒን ከተሳሳተች ችግሩ ገና «ለ» ባንክ ውስጥ ያልቃል፤ ምንም አልተቀነሰም፣ ሁሉም ያውቀዋል። የሚያስቸግረው «ለ» ባንክ ቀንሶ፣ መልዕክቱ ወጥቶ፣ ምላሹ ሳይመለስ ሲቀር ነው። በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱ ሆኗል። ወይ መልዕክቱ ባንክዎ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል፣ ወይ ደርሶ 840 ብሩ ገብቶልዎት በመመለሻው ላይ ምላሹ ጠፍቷል። ከእሷ ባንክ ቆመው ሲያዩት ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ዝምታ ብቻ ነው የሚታየው። ስልኳም «በሂደት ላይ» ይላታል።

ሰው «ታዲያ ለምን ወዲያው አይመልሱላትም?» ይላል። ወዲያው ቢመልሱላትና ብሩ ለካ እርስዎ ጋ ገብቶ ከነበረ ዕቃውንም ብሩንም ይዛ ሄደች ማለት ነው፤ ኪሳራው የባንኩ ይሆናል። ስለዚህ «ለ» ባንክ ስዊቹን ደግሞ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ የቀኑ መዝገብ እስኪዘጋ ይጠብቃል። ያኔ የሦስቱ መዝገብ፣ ማለትም የ«ለ»፣ የስዊቹና የ«ሀ»፣ በዝውውር መለያ ቁጥሩ ይመሳከራል። «ሀ» ጋ ካልተገኘ ብሩ ለእሷ ይመለሳል፤ ከተገኘ ዝውውሩ እንደተሳካ ይቆጠራል። ብሩ «መሃል ላይ» የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ ሁልጊዜ ከሁለቱ ባንኮች በአንዱ መዝገብ ላይ ነው ያለው።

ባንኮኒው ላይ ግን ከእርስዎ የሚጠበቀው ይህን መመርመር አይደለም። መመሪያዎ የራስዎ ኤስኤምኤስ ወይም የነጋዴ አፕዎ ላይ የሚታየው ዝርዝር ብቻ ይሁን። የእሷ ስክሪን ምንም ቢያሳይ የእርስዎ ማስረጃ አይደለም፤ የሐሰት ደረሰኝ በስልክ መሥራት ዛሬ ለማንም ቀላል ነው፣ እውነተኛ ስክሪንሾትም የትናንት ሊሆን ይችላል። ኤስኤምኤስ ሊዘገይ ስለሚችል ከመከራከርዎ በፊት አፑን ከፍተው ዝርዝሩን ያድሱት። እዚያም ከሌለ እሷ እንደገና በዚያው አፕ እንድትከፍል አይፍቀዱ፤ ሁለቱም ኋላ ከገቡ ነገሩ ይወሳሰባል። በጥሬ ብር ትክፈልዎትና የመጀመሪያውን ሙከራ መለያ ቁጥር ከስልኳ ላይ፣ ሰዓቱንና መጠኑንም ጨምረው ደብተር ላይ ይጻፉ። የመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ከገባ ቁጥሩን አመሳክረው ይመልሱላታል። ካልገባ አቤቱታዋን የምታቀርበው ለራሷ ባንክ ነው፣ ምክንያቱም ብሩን የቀነሰው እሱ ነው። እርስዎ የሚይዙት የራስዎን ባንክ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚይዙት ብር ገብቶልዎት ኋላ ያለ አግባብ ከተነሳብዎት ወይም የእሷ ባንክ «ደርሷል» ብሎ የእርስዎ መዝገብ ላይ ከሌለ ነው። በሁለቱም ያ የመለያ ቁጥር ከሌለዎት ክርክሩ ቃል ለቃል ይሆናል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ራሱ ነው። ኮዱ ቋሚ ነው፣ ውጭ ተለጥፏል፤ እርስዎ ጓዳ ሲገቡ አንዱ መጥቶ የራሱን ኮድ በላዩ ላይ ቢለጥፍበት ካሬው ከካሬ አይለይም። «ስሜ ሲወጣ ደንበኛው ያያል» ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ከላይ ያሳየሁዎትን መስመር ማስታወስ የሚጠቅመው፦ 59 ላይ ያለው ስም ተራ ጽሑፍ ነው። ሌባው የእርስዎን ሱቅ ስም ጽፎ በ28 በሚጀምረው መስመር የራሱን ቁጥር ማስገባት ይችላል። የመጨረሻዎቹ አራት ምልክቶችም አያድኑዎትም፤ ስሌቱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ለአዲሱ ጽሑፍ አዲስ አራት ምልክት ያወጣለታል። ምልክቶቹ የተሠሩት የማንበብ ስህተትን ለመያዝ ነው፣ ማጭበርበርን ለመያዝ አይደለም። የሚያድነው አፑ ከተቀባዩ ባንክ ጠይቆ ያመጣው ስም ነው። ባንክዎን «ለደንበኛው የሚታየው ስም ከኮዱ የተነበበው ነው ወይስ ከእናንተ መዝገብ?» ብለው ይጠይቁ። የሚጠይቁት ሰው ካላወቀ የዲጂታል ክፍሉን ይጠይቅልዎት፤ ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ ግን መልስ አለው።

ለዚህ የሚበጀው መከላከያ ርካሽ ነው። ወረቀቱን ከውጭ በር አንስተው ከባንኮኒው ጀርባ፣ እጅ በማይደርስበትና ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ያድርጉት። ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ በሌላ ባንክ አፕ ስካን አድርገው አንድ ብር ወደ ራስዎ ይላኩ፤ ኤስኤምኤሱ ከመጣ ኮዱም የእርስዎ ነው፣ መስመሩም ክፍት ነው። ከቱሉ ዲምቱ አቧራና ፀሐይ የተነሳ ወረቀቱ ቢደበዝዝ ብዙ አይጨነቁ። ኪውአር ሲሠራ ጀምሮ የተበላሸውን ክፍል ራሱ እንዲሞላ ተደርጎ ነው፤ በአታሚው ምርጫ ከ7 እስከ 30 በመቶ ጉዳት ይችላል። ንባቡን አብዝቶ የሚያስቸግረው ላዩ ላይ የተለጠፈ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ነው፤ የመብራት ነጸብራቅ ካሜራውን ያሳውረዋል።

ሱቅዎ ውስጥ ሁለት ሰው የሚሸጥ ከሆነ ለእያንዳንዱ የተለየ ኮድ ይጠይቁ። በምሳሌዬ 62 ላይ KASA1 ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሒሳቡ አንድ ሆኖ ዝርዝሩ ላይ የየትኛው ካሳ ሽያጭ እንደሆነ ይለያል። ነጋዴ አፕ ካለዎት ደግሞ ገንዘቡ ከፍ ላለ ሽያጭ 840 ብሎ የተጻፈበትን ኮድ ስልክዎ ላይ አውጥተው ማሳየት ይችላሉ። ያኔ ደንበኛዋ 84 ወይም 8,400 ብላ የመሳሳት ዕድል አይኖራትም፣ ለጥንቃቄም የተሻለ ነው። ለሳሙናና ለዳቦ ግን ጊዜ ያባክናል፤ ቋሚው ወረቀት ይበቃል።

የአገልግሎት ክፍያውን ጉዳይ በጽሑፍ ያስጨርሱ። ከነጋዴው የሚቀነስ ከሆነ 840 ብለው የሸጡት ከ840 በታች ሆኖ ነው የሚገባው፤ ሰው ይህን ሳያውቅ ማታ ሒሳብ አልገጥም ብሎት ከሠራተኛው ጋር ይጣላል። ከየትኛው ወገን፣ በመቶ ስንት፣ ከራሱ ባንክ ደንበኛና ከሌላ ባንክ ደንበኛ ሲሆን ልዩነት አለው ወይ፤ እነዚህን ሦስቱን ውሉ ላይ ይፈልጉ።

የድሮዎቹን ወረቀቶች በአንድ ቀን ቀድደው አይጣሏቸው። የጋራ ኮዱ ከተሰጠዎት በኋላ ደንበኞችዎ አዘውትረው የሚከፍሉባቸውን አፖች በሙሉ፣ በየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ብር እየከፈሉ ይሞክሩ። ቤተሰብና ጎረቤት ስልክ ላይ ሁሉም አይጠፋም። ባንኩ በመስመሩ ላይ ቢኖርም አፑ የጋራውን ኮድ ማንበቢያ ገና ያላካተተ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደንበኛው አፑን ካዘመነው ቆይቷል። አፑ «የማይታወቅ ኮድ» ካለ ችግሩ ከንባቡ ነው፤ ስምዎን አሳይቶ ፒን ከገባ በኋላ ካልተሳካ ችግሩ ከመስመሩ ነው። ይህችን ልዩነት ይዘው ለባንክዎ ቢደውሉ ከ«አልሠራም» የተሻለ መልስ ያገኛሉ። ያለፈውን አፕ ወረቀት ያንሱ፣ ያላለፈውን ይተዉት፤ ከወር በኋላ እንደገና ይሞክሩት። ካሜራና ኢንተርኔት የሌለው ስልክ ለያዙ ደንበኞች ደግሞ የነጋዴ ቁጥርዎ ከካሬው ሥር በትልቁ እንዲታተም ይጠይቁ፤ እነሱ ስካን ማድረግ ባይችሉም ባንካቸው በአጭር ቁጥር በኩል ለነጋዴ መክፈልን ከፈቀደ ያንኑ ቁጥር ጽፈው ይከፍላሉ።